ሕንፃው አዲስ ነው ብለሽ አትፈርሚ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 28 ዓመቴ ነው፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ስለነበር በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ደብረ ማርቆስ ላይ ከሁለት ቦታ ለፈተና ተጠርቻለሁ። አንዱ አዲስ ፎቅ ላይ ያለ የቁጠባና ብድር ተቋም ነው፣ በገንዘብ ያዥነት። ሌላው የገበሬዎች ዩኒየን ነው፣ በሒሳብ ሠራተኛነት፤ ግቢው አሮጌ ነው። የበፊት ሥራዬን በአራት ወሬ የለቀቅሁት ሽንት ቤቱ ፎቅ ላይ ስለነበር ውኃ ሳልጠጣ እየዋልኩ ታምሜ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ሳልፈርም በፊት ቦታው እንደሚሆነኝና አሠሪዎቹም ከልባቸው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ምላሽ፦ እኅቴ፣ የሽንት ቤቱን ነገር እንደ ማፈር ብለሽ መሐል ላይ ሸጎጥ አድርገሽዋል። እኔ ግን ከእሱ ነው የምጀምረው። ክራንች ወይም ዊልቸር የሚጠቀሙ ሰዎች ሥራ ሲለቁ መልቀቂያው ላይ «በግል ጉዳይ» ብለው ይጽፋሉ። በኋላ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ግን ብዙዎቹ የሚነግሩኝ አንቺ የጻፍሽውን ነው። የደመወዝም የአለቃም ጉዳይ አይደለም። ጠዋት ሻይ የማይጠጡ፣ ምሳ ላይ ውኃ የማይቀምሱ፣ በሦስተኛው ወር የሽንት ቧንቧ ሕመም ይዟቸው ክሊኒክ የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ሁለቱ ቦታዎች ስትሄጂ የምታዪው ሕንፃውን ሳይሆን አንድ የሥራ ቀንን ነው። ከባጃጅ ከወረድሽበት ቅጽበት ጀምሮ ማታ ባጃጅ ላይ እስክትወጪ ድረስ ሰውነትሽ የሚያልፍበትን መንገድ በሙሉ በእግርሽ ሂጂበት። ባጃጁ እበሩ ድረስ ይገባል ወይስ ኮብልስቶኑ ላይ አውርዶሽ ይመለሳል? ከበሩ እስከ ወንበርሽ፣ ከወንበርሽ እስከ ካዝናው ወይም እስከ ፋይል መደርደሪያው፣ ከዚያ እስከ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት እስከ እጅ መታጠቢያ፣ በምሳ ሰዓት ወዴት እንደሚወጣ። አንዱ ላይ የምትቆሚ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም።

ይህን ለማየት ሰበብ አያስፈልግሽም። ከፈተናው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድመሽ «የፈተናውን ክፍል ለማየት ነው የመጣሁት» ብለሽ ግቢ። ከጠዋቱ 2:30 አካባቢ ሂጂ። በዚያ ሰዓት ወለሉ ገና ተወልውሎ እርጥብ ነው፣ ባለጉዳይም መሰለፍ ጀምሯል፤ በሩ ላይ ያለው ግፊያም ይታይሻል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጸጥ ባለ ኮሪደር ስትሄጂ ደህና የመሰለሽ ሴራሚክ ጠዋት ላይ በክረምት ጭቃ የተለወሰ የክራንች ጎማ ሲያርፍበት ሌላ ነገር ነው። ማርቆስ ክረምቱ ረጅም መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሜትሮ ይዘሽ ሂጂ። ከሌለሽ ገመድ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ቋጥሪበት፣ ይበቃል። ብዙ ነገር መለካት የለብሽም። የደረጃውን ቁመት ለኪ፦ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በክራንች ቀኑን ሙሉ ብትመላለሽበት ይቻላል፣ 18 ሲደርስ ይደክማል፣ 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ እንጂ አራት ጊዜ የሚወጣ አይደለም። ከዚያ የእጅ መደገፊያውን እዪ። ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ ያለ፣ ሲያዝ የማይነቃነቅ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ የሚሄድ መሆን አለበት። በሁለቱም ጎን ካለ እሰየው፤ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ስትወርጂ የምትደገፊበት እጅሽ በየትኛው ወገን እንደሚውል አስቢ። የበሩንም ስፋት ተመልከቺ። በክራንች የሚሄድ ሰው ክርኑን ከፈት አድርጎ ስለሚራመድ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይፈልጋል። በ80 ወደ ጎን ዞር ተብሎ ይገባል፣ በ70 ግን አንዱን ክራንች ማስቀመጥ ግድ ይላል። የገንዘብ ያዥ ክፍል በር ብዙ ጊዜ ጠባብ የብረት በር ነው፤ ስለዚህ ይቺን እንዳትረሺያት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለሙያ የሚባሉትም ይሳሳቱበታል። ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ዘንበል ያለ መውጫ፣ ስላለ ብቻ ቦታው ለአካል ጉዳተኛ ይሆናል ማለት አይደለም። ደረጃውን የጠበቀ ራምፕ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። በሩ ፊት ያሉት ሦስት ደረጃዎች ተደምረው 45 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መሆን አለበት ማለት ነው። በየከተማችን አዳዲስ ሕንፃ ላይ የምታዪው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ፣ በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ተለብጦ፣ ዳር ዳሩ ላይ የአበባ ሳጥን የተደረደረበት ነው። ያ ለተቆጣጣሪ የተሠራ እንጂ ለሰው የተሠራ አይደለም፤ ዊልቸር የያዘ ሰው ብቻውን አይወጣውም፣ አንቺም ስትወርጂው ጎማሽ ይከዳሻል። እንዲያውም በክራንች ለሚሄድ ሰው ከቀጥ ያለ ራምፕ ይልቅ ዝቅ ያሉና መደገፊያ ያላቸው ደረጃዎች ይመረጣሉ። ስለዚህ ራምፕ አይተሽ አትደሰቺ፣ አጥተሽም ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ።

ወደ ሽንት ቤቱ እንመለስ። «ሽንት ቤት አላችሁ?» ብለሽ ብትጠይቂ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ገብተሽ እዪ። አዲሱ ፎቅ ላይ ስትሄጂ በተለይ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። ብዙ ሕንፃዎቻችን ላይ ሽንት ቤቱ የሚሠራው ደረጃው የሚዞርበት ማረፊያ ላይ ነው፤ ማለትም በምድር ቤቱና በአንደኛው ፎቅ መሐል። ሊፍቱ ደግሞ ማረፊያው ላይ አይቆምም። ሊፍት ያለበት ሕንፃ ውስጥ ሆነሽ ለሽንት ስምንትና ዘጠኝ ደረጃ ትወጫለሽ ማለት ነው። ሊፍቱንም «ይሠራል?» ብለሽ አትጠይቂ። «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይስ ኮምፒውተርና መብራት ብቻ ነው?» በይ። ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለተኛው ነው።

አሮጌው ግቢ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሽንት ቤቱ ከቢሮው ጀርባ፣ ከግቢው ጥግ ላይ የጉድጓድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ርቀቱን በእርምጃ ቁጠሪ። መንገዱ ጠጠር ነው ወይስ አፈር? ቁጢጥ ተብሎ የሚገባበት ከሆነ ለአንቺ አይሆንም፤ ግን መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ የብረት ወንበር ከላዩ ቢደረግ፣ ግድግዳው ላይ የሚያዝ የውኃ ቧንቧ ብረት ቢታሰር ይሆናል። ብየዳ ቤት አንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። አየሽ፣ አዲሱ ሕንፃ ላይ ችግሩ በኮንክሪት ተሠርቶ ስላለቀ ማንም አያነሣውም፤ አሮጌው ግቢ ላይ ግን ሊስተካከል ይችላል። ቦታ ስትመርጪ የጎደለውን ብቻ ሳይሆን የጎደለው የሚሞላ መሆን አለመሆኑን አመዛዝኚ።

ማንን መጠየቅ እንዳለብሽም ልንገርሽ። የሰው ሀብት ኃላፊውን ሳይሆን ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ጠይቂ። «የምድር ቤቱ ሽንት ቤት ቁልፍ ማን ጋር ነው?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያላቸው እነሱ ናቸው። «እሱማ የሥራ አስኪያጁ ነው፣ ይቆለፋል» ካሉሽ ትልቅ ነገር አወቅሽ፤ ሽንት ቤቱ አለ፣ የሚያስፈልግሽ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ነው። «ውኃ የሚመጣው በሳምንት ስንቴ ነው?» ለሚለውም እንዲሁ።

ለምሳሌ ያህል ቡሬ አካባቢ ያጋጠመኝን ልንገርሽ። አንድ ወንድማችን፣ እሱም ባለክራንች፣ አንድ የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ሊቀጠር ሲል አብሬው ሄድኩ። ቢሮው ምድር ላይ ነው፣ ግን በሩ ላይ አንድ ደረጃ አለው፤ ስንለካው 20 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ናቸው፣ «ራምፕ እናሠራለታለን፣ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ» አሉ። የበጀት ዓመቱ የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው፣ እኛ የሄድነው ኅዳር ላይ። ቁጭ ብለን አሰላነው። ለ20 ሳንቲ ሜትር ራምፕ 2 ሜትር ከ40 ርዝመት ይፈልጋል፤ በ1 ሜትር ስፋት ቢሠራ ኮንክሪቱ ሩብ ሜትር ኩብ አይሞላም፣ ባለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ሁለት ከረጢት ይበቃዋል። ግን በሩ ፊት የነበረው ቦታ 1 ሜትር ከ80 ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። ራምፑን አሳጥረን ብንሠራው የሚያንሸራትት ይሆናል። ስለዚህ ራምፑን ተውነውና ደረጃውን ለሁለት ከፈልነው፦ ከፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የሚወጣ፣ 1 ሜትር ከ20 የሚሰፋ አንድ እርከን። ሁለቱ እግሮቹም ሁለቱ ክራንቾቹም አንድ ላይ ያርፉበታል። ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ነው የፈጀው። ላዩን ልስን አላደረግነውም፤ በመጥረጊያ ጫፍ እንዲሻክር አደረግነው። መደገፊያው ከግቢው ውስጥ ተጥሎ ከተገኘ ቧንቧ ተበየደ። ከዚያ በኋላ ከሁሉ ይልቅ የተመቻቸው ዱላ ይዘው የሚመጡት ሽማግሌ አባላት ናቸው።

ያ ሥራ ሲሠራ ሥራ አስኪያጁን ያሸነፋቸው ክርክር አልነበረም። ሦስት ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ነበረች። አሠሪ «ለአካል ጉዳተኛ ምቹ አድርጉልኝ» ሲባል ሕንፃ ማፍረስ ይመስለዋል። «አንድ እርከን፣ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሜትር ቧንቧ» ሲባል ግን ግዢ ክፍሉን ይጠራል። አንቺም ስትለኪ የምትጽፊው ለዚህ ነው።

አሁን «ከልባቸው ነው ወይ» ወደምትይው እንሂድ። ማስታወቂያው ሥር «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» የሚለውን መስመር አትመኚው፤ ካለፈው ዓመት ማስታወቂያ ላይ ተገልብጦ የመጣ ነው። «ሙሉ ጤነኛ የሆነች» የሚለውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ የተገለበጠ ስለሆነ እሱን አይተሽ አትቅሪ። ከዚህ ይልቅ ከፈተናው ሦስት አራት ቀን በፊት ደውይና አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «በክራንች ነው የምሄደው፣ ፈተናው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» ክራንችሽ እንደሆነ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ የሚወሰነው መቼ እንደሚያውቁት ብቻ ነው። «ቆይ ጠይቄ ልደውልልሽ» ብሎ በእርግጥ የሚደውል ሰው ካለ ጥሩ ምልክት ነው። «አይ ምንም ችግር የለም፣ ነይ ብቻ» የሚለው መልስ ግን ችግሩን አላሰበበትም ማለት ነው። «ሥራው እኮ ይከብዳል» ብሎ ጥያቄሽን ሳይመልስ ወደ ሌላ ከሄደ ደግሞ አቋሙን ነገረሽ።

አንዱን የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ልተወውና፣ ሠራተኛ ቅጥር ላይ ነበርኩ። የፈተናው አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። በዊልቸር የመጣ ተፈታኝ ሲኖር ሁለት ጎረምሳ ጥበቃዎች ጠርቼ ተሸክመው አወጡት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ የረዳሁት መስሎኝ። ልጁ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት ማንም ተሸክሞት አያውቅም ነበርና። ፈተናውን ወደቀ። ያን ቀን ምድር ቤት ያለውን የመዝገብ ክፍል ከፍቼ አንድ ጠረጴዛ ባስገባ ኖሮ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ልጆቹ ያወጡሻል» የሚል አሠሪ ሲያጋጥምሽ ልቡ ክፉ አይደለም፣ ግን ልጆቹ እረፍት የወጡ ቀን የሥራ ቀንሽ ያልቃል።

ከክፉው አሠሪ ይልቅ እኔ የምሰጋው አዝኖ የሚቀጥረውን ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ቻርት ኦፍ አካውንት መጠየቅ ትቶ «ማነው የሚያመላልስሽ? ቤተሰብ ይረዳሻል?» የሚል፣ ወይም አብራሽ የመጣችውን እኅትሽን እያየ ስለ አንቺ የሚያወራ። እንዲህ ያለው ሰው ይቀጥርሻል። ከዚያ «አንቺ ቁጭ በይ፣ እኛ እንሠራዋለን» እያለ ሥራውን አንድ በአንድ ይወስድብሻል። በዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ የሠራሽው ነገር ስለሌለ ውጤትሽ ዝቅ ይላል፤ ሰው ሲቀነስ መጀመሪያ የምትታዪው አንቺ ነሽ። ለዚህ መድኃኒቱ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ «በመጀመሪያው ወር የትኞቹ ሥራዎች በእኔ ፊርማ ይወጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሥራ ሊያሠራሽ ያሰበ ሰው ይዘረዝርልሻል።

የሥራውን ዝርዝርም በዚሁ ዓይን እዪው። ገንዘብ ያዥነት ተቀምጠሽ የምትሠሪው ይመስላል፣ አብዛኛውም እንደዚያ ነው፤ ግን ጠዋትና ማታ ጥሬ ገንዘቡ ከካዝና ይወጣል፣ ይገባል። ሁለት እጅሽ ክራንች ላይ ነው። ካዝናው ደረጃ ሳይወረድ የሚደረስ ከሆነ ሳጥኑን በትንሽ ጋሪ መግፋት ወይም ሁለተኛውን ቁልፍ የሚይዘው ሠራተኛ ሳጥኑን ሲያንቀሳቅስ አንቺ አብረሽ ሆነሽ መቁጠርና መፈረም ይቻላል። ኃላፊነቱ ያንቺ ነው፣ ሸክሙ የሌላ። ግን ይህ በቃል ሳይሆን በአሠራር መጻፍ አለበት፤ ገንዘብ የጎደለ ቀን «እሷ አልያዘችውም፣ እኔም አልያዝኩትም» የሚል ነገር እንዳይመጣ። የገንዘብ ያዥ ወንበርም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለና የሚሽከረከር ነው፤ እግሩ የማይንሸራተት፣ ቁመቱ የሚስተካከል ወንበር ጠይቂ።

ዩኒየኑ ላይ የሚደበቀው ሥራ ሌላ ነው፦ የሰኔ ቆጠራ። በመጋዘን ያለው እህልና ማዳበሪያ ይቆጠራል፣ ያውም ዝናቡ በጀመረበት ወቅት። ሒሳብ ሠራተኛ አብሮ መገኘት ይጠበቅበታል። ጆንያ ላይ መውጣት የለብሽም፤ አንድ ሰው ክምሩን ሲቆጥር አንቺ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠሽ ቢን ካርዱንና ስቶክ ካርዱን እያመሳከርሽ ትመዘግቢያለሽ። ሥራው እንዲያውም የተሻለ ይሆናል፤ ቆጣሪና መዝጋቢ ሲለያዩ ስሕተት ይቀንሳል። በገጠር ቀበሌ ያሉት መሠረታዊ ማኅበራት ጋር የሚደረገውን ቆጠራ ግን ቀድመሽ አንሺው። መኪና አለ? ስንት ቀን ነው? ያንን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቶ በምትኩ ያንቺን ድርሻ የዓመቱን መዝጊያ ሒሳብ ማድረግ ይቻላል ወይ?

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥልሽ፣ ምክንያቱም የሚጠቅምሽ ሙሉው ሳይሆን ጥቂቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣ ነው። አሠሪው የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ግዴታ አለበት፤ ውጤትሽ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ይሰጥሻል። ተበደልኩ ብለሽ ከከሰስሽም አላዳላሁም ብሎ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ማኅበርሽም ስለ አንቺ ሊከስ ይችላል። ገደቡ ደግሞ፣ ማመቻቸቱ ድርጅቱን ከአቅም በላይ የሚጫነው ከሆነ አይገደድም። ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ከአቅም በላይ ነው የሚል ዳኛ እስካሁን አላየሁም። ሊፍት ተከሉልኝ ብትይ ግን ሌላ ክርክር ነው፤ ለዚህ ነው ሽንት ቤቱ ማረፊያ ላይ ያለበትን ሕንፃ ከመፈረምሽ በፊት እወቂው የምልሽ።

ከሁሉ በላይ የምታስታውሺው 60 የሥራ ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። የሕመም ፈቃድም የሚጀምረው ሙከራውን ከጨረሽ በኋላ ነው። በፊት ሥራሽ ላይ ዝም ያልሽው ይህን ጊዜ ለማለፍ ብለሽ ይሆናል፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ግን ሲያምሽ የቀረሽበት ቀን ብቻ ነው መዝገቡ ላይ የሚታየው። ስለዚህ የሚያስፈልግሽን የምትጠይቂው «አልፈሻል» ከተባልሽ በኋላ፣ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ነው። በዚያች ሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ እነሱ አንቺን መርጠዋል፣ አንቺም ገና እሺ አላልሽም። ደብዳቤው፣ ቁጥሩን አንቺ በለካሽው እየተካሽ፣ ከዚህ አይበልጥም፦

«ለሒሳብ ሠራተኛነት መመረጤን አውቄ አመሰግናለሁ። ሥራዬን በተሟላ ሁኔታ ለመሥራት የሚከተሉት እንዲመቻቹልኝ እጠይቃለሁ። 1. የቢሮው መግቢያ ደረጃ 20 ሳ.ሜ ስለሆነ ከፊቱ 10 ሳ.ሜ እርከንና መደገፊያ ብረት እንዲደረግ። 2. ለሽንት ቤቱ የመቀመጫ ወንበርና የግድግዳ መያዣ እንዲሠራ፣ የቁልፉ ቅጂም እንዲሰጠኝ። 3. የመስክ ቆጠራ ሥራዬ በቢሮ የመዝገብ ሥራ እንዲተካ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሥራ በምጀምርበት ቀን ቢጠናቀቁ፣ ሦስተኛው በውሉ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ።»

ሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቁጥር አስደርጊ። ቃል የሰጡሽ ኃላፊ ነገ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወሩ የሚተኩት ሰው የሚያውቀው ያንን ወረቀት ብቻ ነው። «ይቺማ ቀላል ናት፣ ለምን ወረቀት?» ካሉሽ ሳቅ ብለሽ «ለግዢ ክፍሉ እንዲመች ብዬ ነው» በይ። እውነትም ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ሕመማችሁ በዓይን የማይታይ፣ ስኳር፣ ኩላሊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁም አላችሁ። ለእናንተ መንገዱ በአንድ ነገር ይለያል፦ የበሽታውን ስም መናገር ግዴታ አይደለም፣ የሚያስፈልገውን ነገር ግን ተናገሩ። የጤና ምርመራ ወረቀት ስታወጡ ሐኪሙን የምርመራውን ስም ሳይሆን «ለተጠቀሰው የሥራ መደብ ብቁ ነው፤ ከፍታ ላይና መሰላል ላይ አይሠራም» ወይም «በየአራት ሰዓቱ ምግብ የሚወስድበት እረፍት ይፈልጋል» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይቋረጣልና መድኃኒት ቤቱ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

ወደ አንቺ ልመለስና፣ አሁን ካለኝ መረጃ የትኛውን ትመርጪያለሽ ብትይኝ ዩኒየኑን ቀድመሽ እዪው፤ ግን ያለ ልኬት አልፈርድም። የአዲሱን ፎቅ ሽንት ቤት፣ የዩኒየኑን የመግቢያ ደረጃ ቁመት፣ ከቢሮው እስከ ሽንት ቤት ያለውን እርምጃ ለክተሽ ጻፊልኝ። ከመሄድሽ በፊት የክራንችሽን ጎማ ገልብጠሽ እዪው፤ ከሥሩ ያሉት ቀለበቶች ተበልተው ልሙጥ ከሆነ ቀይሪው፣ አለበለዚያ ወለሉ ይሁን ጎማው ያንሸራተተሽ አታውቂም።